የየካቲት 15ቱ ቼክ ሳይደርስ ለአቅራቢዬ ምን ልበላቸው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ላይ የቧንቧና የሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ አለኝ። መርካቶ ካሉ አስመጪ በዱቤ ያወጣሁት ዕቃ ከነቫቱ 1,380,000 ብር ነው። የካቲት 15 ቀን የተጻፈበት ቼክ ሰጥቻቸዋለሁ። ዛሬ የካቲት 1 ነው፤ አካውንቴ ላይ ያለው 310,000 ብር ብቻ ነው። አንድ ኮንትራክተር 1,100,000 ብር ይዞብኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እከፍላለሁ ይላል። ሱቁ በሳምንት ወደ 220,000 ብር ይሸጣል፤ የተሸጠውን ዕቃ ተክቼ፣ ኪራይና ደመወዝ ከፍዬ 55,000 ገደማ ይተርፈኛል። ጓደኞቼ ስልክ አታንሺ፣ ወይም ለቅሶ ላይ ነኝ በያቸው ይሉኛል። ከሐጂ ጋር ስድስት ዓመት ሠርተናል፤ ላጣቸው አልፈልግም። ምን ብዬ ላስረዳቸው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ለሐጂ ዛሬውኑ፣ ካልሆነም ነገ ጠዋት ደውዪላቸው። ለዓመታት የሠራሁት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ በዱቤ ሽያጭ ክትትል ላይ ስለነበር እንዲህ ያለውን ስልክ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የደወለና በዋዜማው የደወለ ደንበኛ ያንኑ ቃል ቢናገሩም አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። ሐጂ ያንቺን ቼክ ተቀብለው ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ የካቲት 15 ላይ ገንዘብ ይገባልኛል ብለው እሳቸውም ለባንክ ወይም ለሌላ ነጋዴ ቃል ገብተውበት ይሆናል። ሁለት ሳምንት ካላቸው ሌላ ደንበኛ ጠይቀው ክፍተቱን ይሸፍናሉ። አንድ ቀን ብቻ ከሰጠሻቸው ግን ቼኩን ባንክ ከማስገባት ውጪ ብዙ ምርጫ አይኖራቸውም።

ያንቺን ጉዳይ ከተራ የደብተር ዱቤ የሚለየው ይኸው ቼክ ነው። ብዙ ነጋዴ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ዋስትና ብቻ እንደሆነ ያምናል። በሕጉ ግን ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከተጻፈበት ቀን ቀድሞ ቢቀርብ እንኳ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። አካውንቱ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ነገሩ ከዕዳ ያልፋል። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ድርጊት ነው፤ የባንክ ሂሳብሽም ላይ መዘዝ አለው። ስለዚህ ሐጂን «ትንሽ ይታገሱኝ» ብለሽ ቼኩን እጃቸው ላይ ትተሽ ብትመጪ የተስማማሽው ነገር የለም። ንግግርሽ የሚያልቀው አሮጌው ቼክ እጅሽ ሲገባ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው፣ በቅን ልብ ተስማምተው ቼኩን ሳይመልሱ ተለያይተው፣ በኋላ የአቅራቢው ሂሳብ ሠራተኛ ስምምነቱን ሳያውቅ ባንክ ያስገባባቸው ሰዎች ስላየሁ ነው።

የጓደኞችሽን ምክር አትስሚ። ለቅሶ የሌለበት ሰው ለቅሶ ላይ ነኝ ሲል ነውር መሆኑ ይቅርና መርካቶና አዳማ ያን ያህል አይራራቁም። ዕቃ የሚጭነው ሹፌር፣ ትዕዛዝ የሚሰበስበው የሽያጭ ሠራተኛ፣ አጠገብሽ ያለው ባለ ሱቅ ሁሉም ሐጂ ጋ ይደርሳሉ። «የባንክ ሲስተም የለም» የሚለውም ሰበብ ለአንድ ቀን እንኳ አያገለግልም። ስልክ አለማንሳት ደግሞ ለአቅራቢ የጠፋ ደንበኛ ማለት ነው፤ ከጠፋ ደንበኛ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የቀደመ ነው የሚያገኘው። ቼኩ በፍጥነት ባንክ የሚገባው ያኔ ነው።

ከመደወልሽ በፊት ግን አንድ ሰዓት ወስደሽ ሂሳብሽን አስተካክዪ። ሐጂ የሚጠይቁሽ «ታዲያ መቼ?» ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የምትሰጪው መልስ ሁሉን ይወስናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ኮንትራክተሩ የነገረውን ቀን ወስዶ ለአቅራቢው ያንኑ ማስተላለፍ ነው። ኮንትራክተሩ ሁለት ሳምንት አለሽ፣ አንቺም ለሐጂ ሁለት ሳምንት ትያለሽ፣ እሱ ሲዘገይ አንቺ ለሁለተኛ ጊዜ ቃልሽን ታጥፊያለሽ። የመጀመሪያውን ማራዘሚያ አብዛኛው አቅራቢ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን እምነቱ ከጎደለ በኋላ ነው የምትጠይቂው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮንትራክተሩን በደንብ ጠይቂው። «መቼ ትከፍለኛለህ» አትበይው፤ የክፍያ ሰርተፊኬቱ የት ደርሷል ብለሽ ጠይቂ። የሠራው ሥራ ተለክቶ ሰርተፊኬቱ ገና አማካሪው ጋ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ አሠሪው መሥሪያ ቤት ተቀብሎ ማጽደቅና ፋይናንስ ክፍሉ ክፍያ ማዘጋጀት ይቀረዋል፤ ሁለት ሳምንት ምኞት ነው። አማካሪው ፈርሞበት አሠሪው ፋይናንስ ጋ ደርሶ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀርባል። ፈቃደኛ ከሆነ የሰርተፊኬቱን የመጀመሪያ ገጽ ቅጂ ይስጥሽ፤ ለሐጂ ይዘሽ የምትሄጂው ከቃል የሚሻል ነገር እሱ ነው። ካልሰጠሽም፣ መስጠት አለመፈለጉ ራሱ ስለ ሁለት ሳምንቱ የሚነግርሽ ነገር አለ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ካለሽ 310,000 ውስጥ 60,000 ለሱቁ መንቀሳቀሻ ይቅር፤ 250,000 ዛሬ መክፈል ትችያለሽ። ከዛሬ እስከ መጋቢት 15 ስድስት ሳምንት ገደማ ነው፤ ሱቁ በሳምንት 55,000 እየተረፈው 330,000 ያጠራቅማል። ከዚያ ላይ መጋቢት 15 ቀን 280,000 ቃል ግቢ፤ 50,000 መጠባበቂያ ይቀርሻል። ይህ ክፍያ ኮንትራክተሩን የማይነካ፣ ከራስሽ መሳቢያ የሚወጣ ነው። የሚቀረው 850,000 ነው፤ እሱን ለሚያዝያ 15 አድርጊው። ያን ጊዜ አራት ሳምንት ተጨምሮ ከሱቁ 220,000፣ ከመጠባበቂያው ጋር 270,000 ይኖርሻል። ከኮንትራክተሩ ሙሉውን አትቁጠሪ፤ ከ1,100,000ው 660,000 ብቻ ይሰጠኛል ብለሽ አስቢ። ድምሩ 930,000 ይሆናል፤ 850,000 ከፍለሽ 80,000 ይተርፍሻል። ኮንትራክተሩ ቀድሞ ወይም ሙሉውን ከከፈለሽ ለሐጂም ቀድመሽ ትከፍያለሽ፤ ያ ለማንም የማይከፋ ዜና ነው።

ይህን ስትሠሪ አንድ ነገር ልብ በዪ። ኮንትራክተሩ ጨርሶ ባይከፍል ሱቁ ብቻውን ዕዳውን ለመጨረስ ከዛሬ ጀምሮ 20 ሳምንት በላይ ያስፈልገዋል። ሐጂ ይህንን ከጠየቁሽ አትደብቂያቸው። በሌላ በኩል ሱቁ በየሳምንቱ የሚተርፈው ባይኖረው፣ ወይም ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃና በእርግጥ የሚሰበሰበው ገንዘብ ተደምሮ ካለብሽ ዕዳ ሁሉ ቢያንስ፣ ጊዜ መጠየቅ ዕዳውን ማስተላለፍ ብቻ ይሆን ነበር፤ ያኔ የምመክርሽ ሌላ ነገር ነበር። ያንቺ ግን የጊዜ እጥረት ነው።

አሁን የሚመክሩሽ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደሚረሱት ነገር ልምጣ፤ ቫቱ። ከ1,380,000 ብር ውስጥ 1,200,000 የዕቃው ዋጋ፣ 180,000 ደግሞ 15 በመቶው ቫት ነው። ሐጂ ደረሰኝ በቆረጡልሽ ወር ያንን 180,000 አስታውቀዋል፤ አንቺ ከፈልሽም አልከፈልሽም የታክስ ግዴታቸው አለ። አንቺም በበኩልሽ ያንኑ ደረሰኝ ይዘሽ በግዢ ላይ የከፈልሽው ቫት ብለሽ ከራስሽ የሽያጭ ቫት ላይ አቀናንሰሻል። ስለዚህ ሐጂ ያበደሩሽ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ ለመንግሥት የከፈሉትም ገንዘብ አለበት። ዛሬ የምትከፍይውን 250,000 ስታቀርቢ «ቫቱን 180,000 ሙሉ በሙሉ፣ ከዕቃው ላይ ደግሞ 70,000» ብለሽ አቅርቢው። ገንዘቡ ያው 250,000 ነው፤ እሳቸው ግን ችግራቸውን የምታውቅ ሰው ፊታቸው እንደተቀመጠች ይረዳሉ። ከኪሳቸው የወጣው መጀመሪያ እንዲመለስላቸው ማሰብሽ እውነትም ተገቢ ነው።

ስልኩ አጭር ይሁን። እንደ ልማዱ ሰላምታውን ጨርሰሽ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ግቢ፤ ስለ ገበያው መቀዝቀዝ ረጅም መግቢያ አታድርጊ፤ ሰውየው መጥፎ ዜና እየመጣ መሆኑን ተረድተው በጭንቀት ይሰሙሻል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«ሐጂ፣ የየካቲት 15ቱን ቼክ ጉዳይ ነው የደወልኩት። በቀኑ ሙሉውን ማሟላት አልችልም። አካውንቴ ላይ ገንዘብ ሳይኖር ቼኩ እንዲመለስብዎ ስለማልፈልግ ቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው። ዛሬ 250,000 የምከፍለው አለ፤ የቀረውን በምን በምን ቀን እንደምከፍል ጽፌ ነገ ጠዋት ራሴ ልምጣና ላሳይዎ።»

ከዚያ ዝም በዪ። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ይቆጡ። በስልክ ስለ ቀን አትከራከሪ። ነገ ጠዋት በፍጥነት መንገዱ ሄደሽ ሱቃቸው ገበያ ሳይበዛበት ድረሺ። ከአዳማ መርካቶ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ይህን ያህል ቅርብ ሆነሽ በመልእክት ብቻ ጊዜ ብትጠይቂ እንደ መሸሽ ይቆጠራል።

ይዘሽ የምትሄጂው አንድ ገጽ ወረቀት፣ የሰርተፊኬቱ ቅጂ ካገኘሽ እሱ፣ እና የሱቁ ያለፉት ሳምንታት የሽያጭ መዝገብ ነው። ፊት ለፊት ስትቀመጪ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፦ «ከእርስዎ ካወጣሁት ዕቃ አብዛኛውን ለአንድ ኮንትራክተር በዱቤ ሰጥቻለሁ። ሰርተፊኬቱ ዘገየበት፣ የእኔም ገንዘብ እሱ ጋ ቆመ።» ኮንትራክተሩን አትራገሚ፤ ሐጂ የሚሰሙት የእሱን ጥፋት ሳይሆን ያንቺን አያያዝ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጪላቸውና ሦስቱን ቀናትና ሦስቱን ቁጥሮች በጣትሽ እያሳየሽ ከየት እንደሚመጡ አስረጂ። በተለይ «የመጋቢቱ ከራሴ ሱቅ ነው፣ የሚያዝያው ግን ከኮንትራክተሩ ጋር የተያያዘ ነው» ብለሽ ለይተሽ ተናገሪ። እርግጠኛውንና ያልተረጋገጠውን ለይቶ የሚናገር ሰው ሌላውም ንግግሩ ይታመናል።

ሦስት ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አንደኛው «የሌላ ሰው ዕዳ አለብሽ?» ነው። ካለብሽ በስሙና በመጠኑ ንገሪያቸው፤ ከዚህ በኋላም ለአንዱ ሙሉውን ከፍለሽ ሐጂን እንዲጠብቁ አታድርጊ። ይህን ከሌላ ሰው ከሰሙ ቀኑ ሳይደርስ ስምምነቱ ይፈርሳል። ሁለተኛው ስለ ዕቃው ነው። ያልተሸጠ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ማደባለቂያ ቧንቧ ወይም የመታጠቢያ ገንዳ ካለሽ መመለስ እንደምትችይ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው፤ ከመለስሽ ደግሞ ደረሰኙ በተመላሽ ሰነድ ይስተካከል፣ አለበለዚያ የሁለታችሁም ቫት ይዛባል።

ሦስተኛው ከባድ ነው፦ «ዕቃው እኮ ጨምሯል፤ በዚህ ገንዘብ አሁን ያንኑ አልገዛም።» እውነታቸውን ነው። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አስመጪ የሆነ ሁሉ በብር የሚዘገይበት ገንዘብ ዋጋው እንደሚቀንስ ያውቃል። አትከራከሪ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚቸኩሉት ወለድ ልክፈል ማለት ነው፤ ለሐጂ ግን ወለድ ማቅረብ ሃይማኖታቸውን መንካት ነው፣ ፈጽሞ አታንሺው። በሱ ፈንታ ልትሰጪ የምትችይው አለ። ዕዳው እስኪያልቅ ሱቅሽ በየሳምንቱ የሚተካውን ዕቃ፣ እሳቸው ያላቸውን ሁሉ፣ ከእሳቸው በእጅ በእጅ እንደምትገዢ ቃል ግቢ። ይህ ላንቺ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ያው የምትተኪው ዕቃ ነው። ለእሳቸው ግን ገዢ ሳይጠፋ፣ አዲስ ዱቤም ሳይጨመር ገንዘብ ይመላለሳል። በዚያው ስብሰባ አዲስ ዕቃ በዱቤ አትጠይቂ፤ አንድ ጊዜ ብትጠይቂ የተናገርሽው ሁሉ ለሌላ ዱቤ መንደርደሪያ ይመስላል።

ከተስማማችሁ እዚያው ጻፉት። እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ ይበቃል፦

«እኔ ከታች የፈረምኩት፣ በደረሰኝ ቁጥር … ከወሰድኩት ዕቃ ያለብኝን 1,380,000 ብር እንደሚከተለው እከፍላለሁ፦ ዛሬ የካቲት 2 ቀን 250,000 ብር፤ መጋቢት 15 ቀን 280,000 ብር፤ ሚያዝያ 15 ቀን 850,000 ብር። ከኮንትራክተሩ ገንዘብ ቀድሞ ከገባልኝ በ3 ቀን ውስጥ ከቀሪው ዕዳ ላይ እከፍላለሁ። የካቲት 15 ቀን የተጻፈበት ቼክ ቁጥር … ተመልሶልኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም።»

ሁለታችሁም፣ ምስክሮችም ፈርሙበት። ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፦ ፊርማው፣ ከዚያ 250,000ው ፊታቸው በሞባይል ባንኪንግ ወይም እዚያው ባንክ ገብቶ ይተላለፍ፣ በዚያው ቅጽበት ቼኩ ይመለስ። ገንዘቡን ቀድመሽ ከአዳማ ልከሽ ቼኩ ሙሉውን መጠን እንደያዘ እሳቸው ጋ ከቀረ ዕዳሽ 1,130,000 ሆኖ ቼኩ ግን 1,380,000 ይላል።

አዲስ ቼክ ስጪኝ ማለታቸው አይቀርም፤ የሚያሳምን ምክንያትም አላቸው። እኔ የምመክርሽ በመጋቢቱ 280,000 ላይ ብቻ እንድትሰጪ ነው፤ እሱ ከሱቅሽ የሚወጣና የምታሟይው ነው። ያም ቢሆን ቀድሞ ሊቀርብ እንደሚችል አትርሺ፤ ስለዚህ ከቀኑ በፊት እንደማይቀርብ በጽሑፉ ላይ ይግባ። ለ850,000ው ግን የደረቅ ቼክ አደጋ ውስጥ አትግቢ። «ሐጂ፣ በኮንትራክተሩ እጅ ባለ ገንዘብ ላይ ቼክ ብጽፍ ውሸት ነው የምጽፍልዎ፤ ገንዘቡ አካውንቴ ሲገባ እጽፍልዎታለሁ» በያቸው። ሌላ ማረጋገጫ ከፈለጉ ከዘመድ ወይም ከነጋዴ ወዳጅ ዋስ አቅርቢ፤ የዋሱ ፊርማ ከነመጠኑ በጽሑፉ ላይ ይስፈር።

ሐጂ «አልችልም፣ እኔም ዕዳ አለብኝ» ካሉ በሩን ዘግተው እንዳወጡሽ አትቁጠሪ። «ከሙሉው ውስጥ የካቲት 15 ላይ የግድ የሚያስፈልግዎ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ሙሉው ሳይሆን ለአንድ የተወሰነ ክፍያ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። 400,000 ቢሉሽ የሚጎድልሽ 150,000 ነው፤ ይህን ለማግኘት ዕቁብ ካለሽ ሰብሳቢውን አነጋግረሽ ዕጣ ከወጣለት ሰው መግዛት ወይም መለዋወጥ ይቻላል። ከገዛሽ ግን ሳምንታዊ መዋጮው ከ55,000ው ላይ ይቀነሳል፤ የመጋቢቱን ቁጥር እንደገና ሳትሠሪ እሺ አትበያቸው።

ከዚያ በኋላ መጋቢት 10 ላይ አንድ መልእክት ላኪላቸው፦ «ሐጂ፣ የመጋቢት 15ቱ 280,000 ተዘጋጅቷል።» ሚያዝያ ሲቃረብ የኮንትራክተሩ ገንዘብ አለመድረሱ ግልጽ ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ 15ን አትጠብቂ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ፣ ሰርተፊኬቱ የት እንደደረሰ ይዘሽ፣ ከሱቁ እስከዚያ ያጠራቀምሽውን 160,000 ገደማ በእጅሽ አድርገሽ እንደገና ሂጂ። የተመለሰውን አሮጌ ቼክ ደግሞ ቀደሽ አትጣይው። በላዩ ላይ አግድም «ተሰርዟል» ብለሽ ጽፈሽ ከስምምነቱ ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጪው፤ ዓመታዊ ሂሳብሽ ሲዘጋ ሒሳብ ሠራተኛሽ የቼክ ቁጥሩ የት እንደገባ ይጠይቅሻል።